ማስታወቂያው «ፈጣን» ሲል ሥራው ምን ይመስላል?

ጥያቄ፦ በቅርቡ በማኔጅመንት ተመርቄያለሁ። «የሽያጭና ኦፕሬሽን ባለሙያ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። «ፈጣንና ተለዋዋጭ በሆነ የሥራ አካባቢ መሥራት የሚችል፣ በራሱ ተነሳሽነት የሚሠራ፣ የሥራ ልምድ 0–1 ዓመት» ይላል። ተጠሪነቱ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ነው። ተግባራቱ ደግሞ ለደንበኞች ጥያቄ በዕለቱ መልስ መስጠት፣ ትዕዛዝ መመዝገብና መከታተል፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችን መያዝ፣ የዕቃ ክምችት መቆጣጠር፣ የወር ሪፖርት ማዘጋጀት እና አዲስ የአሠራር ሥርዓት መዘርጋት ናቸው። «ፈጣን»፣ «በራሱ ተነሳሽነት» የሚሉት ቃላት የምር የሚነግሩኝ ነገር አለ ወይስ ሁሉም ቀጣሪ የሚጽፋቸው ናቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብቻቸውን ሲነበቡ የሚነግሩዎት ነገር ጥቂት ነው። ብዙ ማስታወቂያ የሚዘጋጀው ያለፈው ተገልብጦ ስለሆነ እነዚህ ቃላት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ይኖራሉ። ዋጋ የሚያገኙት ከበታቻቸው ያለው የተግባር ዝርዝር ሲያረጋግጣቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጽሎቹን በእጅዎ ሸፍነው ተግባራቱን ብቻ ያንብቡ፤ ከዚያ ወደ ቅጽሎቹ ይመለሱ።

«ፈጣን» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይሸፍናል። የመጀመሪያው የሥራው ብዛት ነው፤ ተመሳሳይ ሥራ ቀኑን ሙሉ ይጎርፋል፣ እያንዳንዱም የመድረሻ ሰዓት አለው። ሁለተኛው የቅደም ተከተል መለዋወጥ ነው፤ ጠዋት የተያዘው ዕቅድ ከሰዓት በኋላ በሌላ ይተካል። ሦስተኛው የሰው እጥረት ነው፤ የሁለት ወይም የሦስት ሰው ሥራ በአንድ መደብ ላይ ተጭኗል። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይለምደዋል፣ እየሠራ ሲሄድም ይቀለዋል። ሦስተኛው ግን በልምድ አይቃለልም፤ ችግሩ ያለው የሠራተኛው ፍጥነት ላይ ሳይሆን የሰዓቱ ቁጥር ላይ ነው።

የእርስዎ ማስታወቂያ ከየትኛው እንደሚመደብ ለማወቅ ወረቀት ያንሱና ከእያንዳንዱ ተግባር ጎን የሳምንት ሰዓት በግምት ይጻፉ። ደንበኛና ትዕዛዝ አንድ ላይ በቀን 4 ሰዓት ቢወስዱ በአምስት ቀን 20 ይሆናሉ። ማኅበራዊ ሚዲያ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢባል 7 ሰዓት ተኩል፣ ክምችት በቀን 1 ሰዓት ቢባል 5 ሰዓት ነው። የወር ሪፖርቱ 10 ሰዓት ቢፈጅ ለሳምንት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። ድምሩ 35 ነው። የሥራ ሳምንቱ 40 ሰዓት ከሆነ «አዲስ ሥርዓት መዘርጋት» ለሚለው ትልቅ ሥራ 5 ሰዓት ይቀራል።

በወረቀት ላይ ይበቃ ይመስላል፤ ችግሩ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ለደንበኛ በዕለቱ መልስ መስጠት ሲመጣ የሚሠራ እንጂ ሰዓት የሚመደብለት ሥራ አይደለም። በየሃያ ደቂቃው ያቋርጥዎታል። ሥርዓት መዘርጋት ደግሞ ሳይቋረጥ ሁለትና ሦስት ሰዓት መቀመጥን ይጠይቃል። እነዚያ 5 ሰዓታት ተቆራርጠው በየቀኑ ውስጥ ስለሚበተኑ ሥራው የሚሠራው ሌሎች ከወጡ በኋላ ወይም በዕረፍት ቀን ይሆናል። የሰዓት ግምቶቹ የእኛ ናቸው፣ በቃለ መጠይቁ ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ ቅርጹ ግን ከዝርዝሩ በግልጽ ይታያል። ሽያጭ፣ ክምችት እና ማኅበራዊ ሚዲያ በብዙ ድርጅት የተለያዩ ሰዎች የሚይዟቸው ሥራዎች ናቸው። እዚህ «ፈጣን» የሚለው ቃል ወደ ሦስተኛው ትርጉም ያጋድላል ብለን እናምናለን።

«በራሱ ተነሳሽነት የሚሠራ» የሚለውን ለመፍታት ደግሞ ግሶቹን ይመልከቱ። ዝርዝሩ «መከታተል፣ መመዝገብ፣ መያዝ» በሚሉ ግሶች ብቻ ቢሞላ ኖሮ ቃሉ ከታታሪነት ያለፈ ትርጉም ባልኖረው ነበር። «መዘርጋት» የሚል ግስ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አሠራሩ ገና እንደሌለ፣ ሠርቶ የሚያሳይዎት ሰውም ላይኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ይህንን ከ0–1 ዓመት ልምድና ከዋና ሥራ አስኪያጁ ተጠሪነት ጋር ያገናኙት። በእርስዎና በሥራ አስኪያጁ መካከል ማንም የለም። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ውሎው ስብሰባና ከቢሮ ውጭ ያለ ጉዳይ ስለሆነ የጀማሪን ሥራ በየቀኑ ለማየት ጊዜ አያገኝም። ለጀማሪ ከሥራ ብዛት ይልቅ ይህ ያሳስበናል፤ ስህተት የሚታወቀው ሲሠራ ሳይሆን ደንበኛ ሲያማርር ይሆናልና። (ይኸው ቃል ኮሚሽን በሚከፈልበት የሽያጭ ሥራ ላይ ሲገኝ ሌላ ትርጉም አለው፦ ደንበኛውን ራስዎ ፈልገው ያምጡ ማለት ነው። ደመወዙ ምን ያህል ቋሚ እንደሆነ ይጠይቁ።)

«ሌሎች ከኃላፊ የሚሰጡ ተግባራትን ያከናውናል» የሚል መስመር ቢያዩ አይደንግጡ፤ በየማስታወቂያው መጨረሻ የሚገባ ነው። ይልቅ ያው መደብ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወጣ ይፈልጉ። ተፈላጊ ብዛት «1» ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ከወጣ ሰው እየገባ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በላይ ያለውን የሚያረጋግጠው ቃለ መጠይቁ ነው። «ሥራው ይበዛል ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚያገኙት መልስ ያው ቅጽል ነው። በተጨባጭ የሆነውን ነገር ይጠይቁ። «ከእኔ በፊት ይህን ሥራ ማን ይሠራው ነበር? አሁን የት ነው ያለው?» የሚለው ጥያቄ መደቡ አዲስ ይሁን የተለቀቀ ይለያል። «ባለፈው ሳምንት በቀን ስንት የደንበኛ ጥያቄ ገባ?» የሚለው የ20 ሰዓት ግምትዎን ያስተካክላል። «ሁለት አስቸኳይ ሥራ አንድ ላይ ቢመጣ የትኛው እንደሚቀድም ማን ይወስናል?» እና «በመጀመሪያው 30 ቀን ሥራዬን በየቀኑ የሚያይልኝ ማን ነው?» የሚሉት ደግሞ ብቻዎን መሆን አለመሆንዎን ያሳያሉ።

መልሱን ሲሰሙ ቁጥርና ሰው ይፈልጉ። «በቀን ከ30 እስከ 40 ጥያቄ ይገባል፣ ክምችቱን የመጋዘን ሠራተኛዋ ትቆጥራለች፣ እርስዎ ያመሳክራሉ» የሚል መልስ ሥራው የታሰበበት መሆኑን ይነግርዎታል፤ የክምችቱም ሰዓት ይቀንሳል። «እኛ እንደ ቤተሰብ ነን፣ ሁሉም ሁሉንም ይሠራል» ከተባሉ ግን ማን ምን እንደሚሠራ አልተወሰነም ማለት ነው። መልስ ሰጪው ቁጥሩን ስላላወቀ ብቻ አይፍረዱ፤ የሰው ኃይል ባለሙያው ላያውቅ ይችላል። የቅርብ ኃላፊ የሚሆነውን ሰው ለአሥር ደቂቃ ማነጋገር ይችሉ እንደሆነ በትሕትና ይጠይቁ።

ሥራውን ከፈለጉት የሚደራደሩበት ቦታ ግልጽ ነው። ሥርዓት የመዘርጋቱ ሥራ ከሦስት ወር በኋላ እንዲጀመር፣ በነዚያ ሦስት ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሥራዎን የሚያይ ሰው በስሙ እንዲመደብ ይጠይቁ። ከተስማሙ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ወይም ቢያንስ በኢሜይል ይጻፍ፤ በቃል ብቻ የቀረ ስምምነት ሥራ በበዛበት ሳምንት ይረሳል።