ፒ፣ ቪ እና ያስቸገሩን የእንግሊዝኛ አናባቢዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እንግሊዝኛ ድምፆች ናቸው። መልሶቹን ድምፅ አውጥታችሁ እየሞከራችሁ አንብቧቸው። በዓይን ብቻ ከታለፉ ምንም አይጠቅሙም።

«አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ‹እዚህ ነው የምኖረው› ለማለት ‹አይ ሊቭ ሂር› ስል፣ ‹መቼ ነው የምትሄደው?› ይሉኛል። ጥፋቴ ምንድን ነው?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

በእንግሊዝኛ «መኖር» እና «ትቶ መሄድ» የሚለያዩት በአንድ አናባቢ ብቻ ነው። አማርኛ ለሁለቱ ያለው አንድ «ኢ» ነው። ስለዚህ ሁለቱንም «ሊቭ» ብለን እንጽፋለን፣ እንደጻፍነውም እንላቸዋለን። መርከብና በግም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱንም «ሺፕ» እንላለን። የእኛ «ኢ» የሚቀርበው ወደ መሄድና ወደ በግ ስለሆነ፣ የሚሰሙህ ሰዎች ልትሄድ ነው ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

ትምህርት ቤት «ረጅም ኢ» እና «አጭር ኢ» ተብለን ነው የተማርነው። ይህ አገላለጽ ብዙ ሰው ያሳሳታል ባይ ነኝ። ተማሪው ያንኑ «ኢ» አንዴ ይጎትተዋል፣ አንዴ ያሳጥረዋል፤ የምላሱን ቦታ ግን አይለውጥም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ደግሞ በመጀመሪያ የሚሰማው የምላሱን ቦታ ነው። ርዝመቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ደግነቱ የጠፋው ድምፅ አፍህ ውስጥ አለ። «ሽቶ» በል። ቀጥለህ «ሺ» በል፣ ቁጥሩን። የሁለቱ አናባቢ አንድ አይደለም አይደል? ሳድስ ላይ ያለው «እ» ብዙ ጊዜ የሚወጣው አፍ መሀል ነው። ከ«ሽ»፣ ከ«ች»፣ ከ«ጅ» እና ከ«ይ» በኋላ ሲመጣ ግን ምላስን ወደ ፊት ይስበዋል። የምንፈልገው ድምፅ ከዚያ ጋር በጣም ይቀራረባል። «ሽቶ» ጀምርና «ቶ»ን ትተህ በ«ፕ» ዝጋው፤ መርከብ ይወጣል። «ሺ» ብለህ ያዝ አድርገህ በ«ፕ» ስትዘጋው በግ ይሆናል።

አሁን ወደ «መኖር» እንሂድ። መጀመሪያ «ጅብ» በል፣ ደጋግመህ። አናባቢውን ሳትነካ «ጅ»ን በ«ል» ተካ። መጨረሻ ላይ «ብ»ን በ«ቭ» ተካ። አናባቢው ተንሸራቶ «ልብ» ላይ እንዳለው ቢሆንብህ እንኳ አትጨነቅ። «ልቭ» የእንግሊዝኛውን ልክ ባይሆንም፣ «ሊቭ» ከምትል ይልቅ የሚረዱህ ያኔ ነው።

መሻሻልህን ለማወቅ በግና መርከብን፣ መኖርንና መሄድን አደባልቀህ ወረቀት ላይ ጻፍ። ወረቀቱን ያላየ ሰው ጀርባውን ሰጥቶህ ይቀመጥ። አንተ ታነባለህ፣ እሱ በአማርኛ ትርጉሙን ይነግርሃል። የሰማው ካነበብከው ጋር ከገጠመ ለይተሃል ማለት ነው። የራስህን ጆሮ ብቻ አትመን፤ ምን ለማለት እንደፈለግክ አስቀድሞ ያውቃልና።

«‹ቪዛ›ን ‹ቢዛ› እላለሁ። እህቴ ‹ከንፈርሽን ንከሺ› ትለኛለች፤ ብነክሰውም አልወጣልኝም።» (ከአዲስ አበባ)

እህትሽ የነገረችሽ ግማሹን ነው። መነሻሽን «በ» አድርገሽ ስለሆነ ነው አልሆን ያለሽ። ፊደሉ ራሱ ወደዚያ ይገፋፋል፤ «ቨ» የተሠራው «በ» ላይ መስመር ተጨምሮበት ነው። ድምፁ ግን ዝምድናው ከ«ፈ» ጋር ነው።

እንዲህ አድርጊ። «ስስስስ» በይና ሳታቋርጪ ወደ «ዝዝዝዝ» ቀይሪው። እጅሽን ማንቁርትሽ ላይ አድርጊ። «ስ» ላይ ምንም የለም፣ «ዝ» ላይ ይንዘረዘራል። አፍሽ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተጨመረው የማንቁርት ንዝረት ብቻ ነው። አሁን «ፍፍፍፍ» በይ። የላይኛው ጥርስሽ የታችኛውን ከንፈርሽን ነካ አድርጎታል። እንዳለ ይዘሽው ያንኑ ንዝረት ጨምሪበት። የወጣው «ቭ» ነው። መንከስ አያስፈልግም፤ አጥብቀሽ ከነከስሽ አየሩ ይታፈናል።

መስታወት ፊት ሞክሪው። ሁለቱ ከንፈሮችሽ ከገጠሙ «ብ» ብለሻል። የላይኛው ጥርስሽ ጫፍ ከታየ ትክክል ነሽ። «በጣም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በዚህ መንገድ ጀምሪው። በ«ብ» ከጀመርሽው የፍሬ ስም ይሆናል፣ ያ እንጆሪ መሳዩ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «አበባ» በይና ከንፈርሽን ተመልከቺ። በአናባቢዎች መካከል ያለው የላላ «በ» ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ አየር ያሾልካል። ስለዚህ «ቴሌቪዥን» ወይም «ሪቨር» ስንል በዚህ በላላ «በ» እንላቸውና ለጆሯችን «ቨ» ይመስለናል። እሱ ግን በሁለት ከንፈር የሚሠራ ሌላ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው የቃል መጀመሪያ ላይ ያለውን «ቪ» አስተካክሎ ሲያበቃ መሀል ላይ የሚቀርበት ለዚህ ነው። መስታወቱን ለነዚህ ቃላትም ተጠቀሚበት።

«ስሜ በፒ ነው የሚጀምረው። በስልክ ፊደል ስቆጥር ሁልጊዜ በቢ ይጽፉታል። ‹ጰ› አድርጌ ሳጠብቀውም አልሆነም።» (ከለንደን)

የጥንቱ ግዕዝ «ጰ»ን እና «ፐ»ን የጨመረው እንደ ጴጥሮስ ያሉ ከግሪክ የመጡ ቃላትን ለመጻፍ ነበር። ተራው አፍ ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ ወደ «በ» ይመልሳቸዋል። ጠረጴዛን «ጠረቤዛ»፣ ፖሊስን «ቦሊስ»፣ የአገራችንንም ስም «ኢቶቢያ» የሚሉ ብዙ ናቸው። የለንደኑ ሰውዬ የሚሰማው ይህንኑ «ቢ» ነው።

«ጰ» መፍትሔ አይሆንም። ትንፋሽዎን ያዝ አድርገው «ጵ» ይበሉ፤ ይወጣል። ትንፋሽ እንደያዙ ግን «ፕ» ማለት አይችሉም። እንግሊዝኛው የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ የሚወጣ ትንፋሽ ነው። «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» በቀላሉ ይለያሉ፤ «ፐ» ከ«ተ» እና ከ«ከ» ወገን ነው። አንድ ስስ ወረቀት ከከንፈርዎ ፊት ያንጠልጥሉና ከ«ፕ» በኋላ ትንሽ «ህ» ጨምረው «ፕሂ» ይበሉ። ወረቀቱ ብድግ ማለት አለበት። «ቢ» ሲሉ እምብዛም አይንቀሳቀስም።

ትንፋሹ የሚያስፈልገው ቃል ሲጀምርና አነጋገሩ በሚጠነክርበት ክፍል ላይ ነው። ከ«ስ» ቀጥሎ ሲመጣ አይፈለግም። ማንኪያ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ያለው «ፕ» ትንፋሽ ስለሌለው ወደ «ብ» የቀረበ ነው፤ እሱ ላይ አይድከሙ።

ቃል መጨረሻ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ገመድና ካባ በእንግሊዝኛ የሚለዩት በመጨረሻው «ፕ» እና «ብ» ነው፤ ሰሚው የሚለያቸው ግን በአብዛኛው ከፊቱ ባለው አናባቢ ርዝመት ነው። ለገመዱ አናባቢውን ቆረጥ ያድርጉት፣ ለካባው ሳብ ያድርጉት።

ለስልኩ ግን እስኪለምዱት አይጠብቁ። «ፒ፣ እንደ ፓፓ» ይበሏቸው። አብራሪዎች በሬዲዮ የሚጠቀሙበት አቆጣጠር ነው፤ ቢ «ብራቮ»፣ ቪ ደግሞ «ቪክተር» ነው።

«የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ድመትንም መቁረጥንም ‹ካት› ይላሉ። እንዴት ላስለያቸው?» (ከሀዋሳ)

ከቀላሉ ጀምሪ። መቁረጥ «ካት» አይደለም፤ የሚቀርበው ወደ ግዕዙ «ከ» ነው። ሰው ከት ከት ብሎ ሲስቅ ያለውን «ከት» አስብያቸው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፈት ያድርጉ። ይኸው ነው።

የድመቱ አናባቢ አማርኛ ውስጥ የለም። መንገዱ ግን አለ። «የት» ብለሽ ጠይቂ፣ የቦታ ጥያቄውን። «የ» ላይ ያለው አናባቢ ከ«ከ» የተለየ ነው፤ «ይ» ወደ ፊት ስቦታል። አልጋ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ያለው አናባቢ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ በጠበበው «ኤ» «ቤድ» ከማለት ይሻላል።

አሁን ከ«የ» ወደ «ያ» ሳያቋርጡ ቀስ ብለው ይንሸራተቱ። የድመቱ አናባቢ መሀል መንገድ ላይ ነው። መንጋጋ ይወርዳል፣ የምላስ ጫፍ ግን የታችኛውን ጥርስ እንደነካ ይቆያል። ምላስ ወደ ኋላ ከሸሸ ወደ «ያ» ደርሰዋል፣ ድመቱም ተቆርጧል ማለት ነው። መጀመሪያ ብቻውን ያዙት፣ ከዚያ «ክ» እና «ት» ጨምሩበት። ወንድና ወንዶች የሚለዩትም በነዚሁ ሁለት አናባቢዎች ነው፤ ለነጠላው መንጋጋ ይውረድ፣ ለብዙው «የት» ላይ ይቁም።

«‹ሀፒ› ስል ጓደኞቼ ‹ፒውን አታጥብቀው› ይሉኛል። ሁለት ፒ አይደለም እንዴ የተጻፈው?» (ከመቀሌ)

የተጻፈው ሁለት ነው፣ የሚነበበው አንድ ነው። አማርኛ ላይ ማጥበቅ ትርጉም ይለውጣል፤ ላልቶ «አለ» ተናገረ ነው፣ ጠብቆ «አለ» መኖር ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ውስጥ እንዲህ አያጠብቅም። የተደጋገመው ፊደል ብዙውን ጊዜ የሚነግርህ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። አላልተህ አንብበው።

«ዱባይ ነው የምሠራው። አሠሪዎቼ ‹ፓርኪንግ›ን ‹ባርኪንግ› ነው የሚሉት። እኔም እንደነሱ ብልስ?» (ከዱባይ)

እነሱን አትከተዪ። መደበኛው ዐረብኛም «ፐ» እና «ቨ» የለውም፤ እነሱም እንደኛው ከራሳቸው ቋንቋ ያመጡት ነው። እዚያው ይገባባችኋል፤ ሌላ አገር ሰው ጋ ስትደርሺ ግን «ባርኪንግ» የውሻ ጩኸት ነው። በ«ፕሃ» ጀምሪው።

«‹እስኩል› ማለት እንዴት ላቁም?» (ከጎንደር)

«እ»ው የሚመጣው «ስ»ን በፍጥነት ልትጀምረው ስትል ነው። መጀመሪያ «ስስስስ» በል፣ ረዘም አድርገህ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ «ኩል» ጨምርበት። ሲለምድህ «ስ»ን አሳጥረው። ቃሉን ከሌላ ቃል በኋላ ብትለው ደግሞ ይቀልልሃል፤ «ዚስ» ብለህ ብትቀጥል የመጀመሪያው «ስ» ለሁለተኛው መንደርደሪያ ይሆንለታል።