«ባለቤትሽ ከእድር ተሰርዟል» ተባልኩ፤ ገንዘቡን መጠየቅ እችላለሁ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ የሰፈራችን እድር አባል ከሆነ 14 ዓመት አልፎታል። በወር 150 ብር ይከፍል ነበር። ታሞ አልጋ ሲይዝ ከኅዳር ጀምሮ መዋጮው ተቋረጠ። መጋቢት ላይ በልጄ እጅ 300 ብር ላክሁ፤ ገንዘብ ያዡ ተቀብሎ ደረሰኝ ሰጠው። ባለቤቴ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዐረፈ። ድንኳኑም ወንበሩም መጣ። 30,000 ብሩን ስንጠይቅ ግን «በየካቲቱ ስብሰባ ተሰርዟል» አሉን። ልጄ ቃለ ጉባኤውን በስልኩ አነሳው። «ውዝፍ ያለባቸው 11 አባላት ከአባልነት እንዲሰረዙ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። የማንም ስም የለም። ከ180 አባል የፈረመው 41 ሰው ነው። ደንቡንም ቃለ ጉባኤውንም ልኬልዎታለሁ። መብት አለኝ ወይስ ልተወው?

መልስ፦

ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናናዎት።

አይተዉት። የላኩልኝን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው። ቃለ ጉባኤው ደንቡን አልተከተለም። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ሰዎች እድር ሲበድላቸው የሲቪል ማኅበራትን ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ይሮጣሉ። እዚያ መፍትሔ የለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን ከሽፋኑ አውጥቷቸዋል። የእርስዎ ጉዳይ የሚታየው በእድሩ መተዳደሪያ ደንብና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የዚህ ሕግ ቁጥር 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። ባለቤትዎ ፈርሞ የገባበት ደንብ እሱን እንዳሰረው ሁሉ ኮሚቴውንም ያስራል። ቃለ ጉባኤ ደግሞ በዚያ ቀን ምን እንደተወሰነ የሚያሳይ ማስረጃ እንጂ ደንብ የሚሽር ወረቀት አይደለም።

እንግዲህ የደንባችሁን አንቀጽ 12 እንየው። መዋጮ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ይከፈላል። ሦስት ተከታታይ ወር ያልከፈለ አባል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ጠቅላላ ጉባኤው ይሰርዘዋል። አሁን ቀን እንቁጠር። ባለቤትዎ ያልከፈሉት ኅዳር፣ ታኅሣሥ እና ጥር ነው። ሦስተኛው ወር የሞላው ጥር 30 ነው። የእድሩ ስብሰባ ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ ነው፤ ይህ ቢዘገይ የካቲት 7 ነው። ማስጠንቀቂያው ጥር ባለቀ ማግስት፣ የካቲት 1 ቀን፣ እጃቸው ገብቶ ነበር ብንል እንኳ የ30 ቀኑ ጊዜ የሚያልቀው የካቲት ሲያልቅ ነው። ስለዚህ በየካቲቱ ስብሰባ ማንም ሰው በዚህ ውዝፍ ሊሰርዛቸው አይችልም ነበር። ደንቡ ራሱ የሰጣቸው ቀን ገና አላለቀም።

«ጡሩምባ ነፊው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ነግሯቸዋል» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ግዴታውን ያልፈጸመን ሰው ከመጠየቅ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል ይላል። ቀጣዩ ቁጥር ለማስጠንቀቂያው የተለየ ፎርም ግድ አይልም። የእናንተ ደንብ ግን «በጽሑፍ» ብሏል። በጽሑፍ ከተባለ ደብዳቤው ወጪ ተደርጎ፣ ቅጂው ፋይል ላይ ተቀምጦ፣ የተቀበለው ሰው ፈርሞበት መገኘት አለበት። ሰጥተናል የሚለው እድሩ ስለሆነ ማስረዳቱም የእድሩ ሸክም ነው። እርስዎ «አልደረሰንም» ካሉ ይበቃል።

ስም አለመጻፉ ሁለተኛው ቀዳዳ ነው። «11 አባላት» ማን ማን ናቸው? ከቃለ ጉባኤው ጋር የተያያዘ ዝርዝር ካለ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በተለይ ዝርዝሩ በዚያው ቀን የተፈረመ መሆኑን ይዩ። ኋላ የተጻፈ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል፤ በሌላ ቀለም ይጻፋል፣ ፊርማው የጸሐፊው ብቻ ይሆናል፣ ወይም ከየካቲት በኋላ የተከፈለ ገንዘብ ተቀንሶ ይገኝበታል። የአባላቱን የመዋጮ መዝገብም ይመልከቱ። ስማቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ገጽ ላይ ከነበረ እድሩ ራሱ እንደ አባል ይቆጥራቸው ነበር ማለት ነው።

የ41ዱን ፊርማ በተመለከተ ትንሽ ጥንቃቄ አለኝ። ደንባችሁ ምልዓተ ጉባኤ ግማሽ ሲደመር አንድ ነው ይላል፤ ከ180 አባል 91 ሰው ማለት ነው። 41 ሰው አይሞላም። ሆኖም በብዙ እድሮች ደንብ ውስጥ እንደምናየው፣ በመጀመሪያው ጥሪ ሰው ካልሞላ በሁለተኛው ጥሪ የተገኘው ሰው ይወስናል የሚል ሐረግ የእናንተም ደንብ አንቀጽ 8 ላይ አለ። ቃለ ጉባኤው «ይህ ሁለተኛ ጥሪ ነው» አይልም። የስብሰባ ጥሪው ተለጥፎ ከነበረ ግን ኮሚቴው ሊከራከርበት ይችላል። ይህን ነጥብ ያንሱት፤ ዋና አያድርጉት።

አሁን ወደ ደረሰኙ እንምጣ። ፎቶውን ስላልላኩልኝ እርስዎ ራስዎ አውጥተው ይዩት፤ «ስለ» ከሚለው ቀጥሎ ምን ተጽፏል? «የመጋቢትና የሚያዝያ መዋጮ» ከሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ይቻላል። በየካቲት የተሰረዘ ሰው የመጋቢት መዋጮ የለበትም፤ መዋጮ የሚቀበሉት ከአባል ነው። በዚያ ላይ «ያለፈው ውዝፍ ይቀራል» የሚል ማስታወሻ ከሌለበት፣ ያለፈው ተከፍሏል ብሎ ለመከራከር እንኳ በር ይከፍታል። እርስዎ ግን በዚህ በር አይግቡ፤ ያልተከፈለውን ተከፍሏል ማለት የቀረውን ቃልዎን ያሳጣዎታል። ደረሰኙ «የኅዳርና የታኅሣሥ ውዝፍ» የሚል ከሆነ ትንሽ ይከብዳል። «ከመሰረዙ በፊት የነበረበትን ዕዳ ነው የተቀበልነው» ይላሉ። ያኔም ቢሆን ገንዘብ ያዡ «አባልነቱ ተቋርጧል» ብሎ ለልጅዎ አለመንገሩ ለእርስዎ ይጠቅማል። የወር ስም ጨርሶ ካልተጻፈበት ደግሞ የመዋጮ መዝገቡ ላይ 300 ብሩ በየትኛው ወር አምድ እንደገባ ማየት ነው።

ድንኳኑና ወንበሩ መምጣቱን እንደ ትልቅ ማስረጃ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ብዙም አልደገፍበትም። እድርተኛ ላልሆነ ጎረቤትም ድንኳን ይተከላል፤ ዳኛ ፊት «ለይሉኝታ ነው» ቢሉ የሚያምን አያጡም።

እድሩ ትክክል የሆነበት ቦታም አለ። ውዝፉ ዕዳ ነው፤ በሞት አይቀርም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስድስት ወር ነው፤ በ150 ብር 900 ብር ይሆናል። ከዚህ የከፈሉት 300 ሲነሳ 600 ብር ይቀራል። ደንቡ ላዘገየ በወር 20 ብር መቀጫ ስለሚል በስድስት ወር 120 ብር ይጨመራል። ጠቅላላ ዕዳው 720 ብር ነው። ይህን ተቀንሶ እንዲከፈልዎ ይጠይቁ፤ 29,280 ብር ማለት ነው። ሙሉ 30,000 ብር ብሎ መጠየቅ ለሽማግሌም ለዳኛም ደስ አይልም፤ ልዩነቱም ለእርስዎ ያን ያህል አይደለም።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ለእድሩ ሰብሳቢ በጽሑፍ ያመልክቱ። የማስጠንቀቂያውን ቅጂ፣ የተሰረዙትን ስም ዝርዝርና የመዋጮ መዝገቡን ገጽ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በዚያው ደብዳቤ 29,280 ብሩ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፈልዎ ይጻፉ። ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን በፊርማ ያስመልሱ። የጋብቻ ማስረጃዎንና የሞት ምስክር ወረቀቱን አያይዙ። ባለቤትዎ ሲመዘገቡ ገንዘቡን ማን እንዲቀበል እንዳስመዘገቡም ይጠይቁ፤ ሌላ ሰው ከሆነ ጠያቂው እሱ ነው። ደንቡ «ለወራሾች» የሚል ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ከዚያ ሽማግሌ። የደንባችሁ አንቀጽ 21 ክርክር መጀመሪያ በሽማግሌ ይታይ ስለሚል ይህን ዘልለው ፍርድ ቤት ቢሄዱ መቃወሚያ ይቀርብብዎታል። ሽማግሌው ካልሆነ ክስ ነው። ሲከሱ እድሩን በስሙ ይክሰሱ፤ ሰብሳቢውን በግል አይክሰሱ። ገንዘቡ ያለው በእድሩ ካዝና ነው። ጊዜ አያስጨንቅዎት፤ የተለየ ሕግ ከሌለ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በቁጥር 1845 መሠረት በአሥር ዓመት ነው በይርጋ የሚታገደው። ሆኖም መዝገቡ በአዲስ ጸሐፊ እጅ ሳይገባ መንቀሳቀሱ ይሻላል። ደብተር ሲረካከቡ የሚጠፋው ገጽ ሁልጊዜ የሚፈለገው ነው።

ለእድር ጸሐፊዎችም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ዓምድ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ውሳኔው እንዲህ ቢጻፍ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፦

«አቶ እገሌ፣ የአባልነት ቁጥር 62፣ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር መዋጮ 450 ብር አልከፈሉም። የካቲት 3 ቀን በቁጥር 14 የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ፈርመዋል። 30 ቀኑ መጋቢት 3 ቀን አልቋል፤ አልከፈሉም። በሚያዝያው ጠቅላላ ጉባኤ ከ180 አባላት 97 ተገኝተው በ88 ድምፅ ድጋፍ፣ በ9 ድምፅ ተቃውሞ ከአባልነት ተሰርዘዋል። ውሳኔው በደብዳቤ እንዲነገራቸው፣ ገንዘብ ያዡም ከዛሬ ጀምሮ መዋጮ እንዳይቀበላቸው ታዟል።»

እንዲህ ያለ ገጽ፣ የፈረሙበት ማስጠንቀቂያም ተያይዞ፣ ከእድሩ ቢወጣብዎት ክሱን አልመክርዎትም። ያኔ የሚቀረው ሕመማቸውን ጠቅሶ ጉባኤው በበጎ ፈቃድ እንዲያይልዎ መለመን ብቻ ነው። እስካሁን ግን የላኩልኝ ወረቀት ይህን አይመስልም።