ክፍት ጓጉንቸር፣ ኪስ ውስጥ የቀረ ቁልፍ

ጥያቄ፦ «ይፋዊ ቁልፍ ምን እንደሆነ ለዘጠኝ ዓመት ልጄ በምን ታሪክ ላስረዳት?»

መልስ፦ ይህን ቢነግሯትስ?

ሊያ ለናሆም ምስጢር ልትልክ ፈለገች፤ ሳጥኑን የሚያመላልሰው ግን ያገኘውን ሁሉ ከፍቶ ማየት የሚወደው የናሆም ታላቅ ወንድም ነበር። ቆልፋ ብትልክ ናሆም መክፈቻ የለውም፤ መክፈቻውን አብራ ብትልክ ወንድምየውም ይከፍተዋል። ስለዚህ ናሆም ቁልፉን ኪሱ አስቀርቶ፣ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚዘጋ ጓጉንቸር እንደተከፈተ ላከላት። ሊያ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ከትታ ከቆለፈች በኋላ አንድ ቃል መርሳቷ ትዝ አላት፤ ሆኖም እሷ ራሷ መልሳ ልትከፍተው አልቻለችም። (እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ልጆችን የሚያስደንቃቸው ይህ ነው።)

በሌላ ቀን ወንድምየው የናሆምን ጓጉንቸር ደብቆ የራሱን ሰጣት፤ ሳጥኑን ተቀብሎ ከፈተ፣ አነበበ፣ ከዚያም በናሆም ጓጉንቸር ቆልፎ አደረሰ። ሁለቱም አልጠረጠሩም። ኋላ ሲገናኙ ናሆም «የእኔ ሥሩ ላይ ኮከብ ተጭሮበታል» ሲላት፣ ሊያ «የመጣልኝ ኮከብ አልነበረውም» አለች።

በኮምፒውተር ይፋዊ ቁልፍ የሚባለው ጓጉንቸሩ ነው፤ እሱም ማንም ሊቀዳው የሚችል ትልቅ ቁጥር ሲሆን፣ የኮከቡን ሥራ የሚሠራው ይፋዊ ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰርተፍኬት ነው።