«በ4 በመቶ ቀነሰ» ስንል ምን አልን? የዋጋ ግሽበት ዜና ለሚጽፉ የጎጃም ዘጋቢዎች ጥያቄና መልስ

ከደብረ ማርቆስ፣ የሬዲዮ ዜና አዘጋጅ፦ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ20 በመቶ ወደ 16 በመቶ ወርዷል የሚል መግለጫ ደረሰኝ እንበል። «ግሽበት በ4 በመቶ ቀነሰ» ብዬ ባነበው አድማጭ ደውሎ «ጤፍ መቼ ረከሰ?» ብሎ ይቆጣል። ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የስሌት ነው። የ20 በመቶ 4 በመቶው 0.8 ብቻ ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገርዎ በቀጥታ ሲነበብ ግሽበቱ 19.2 በመቶ ደረሰ ያሰኛል። ከ20 ወደ 16 ሲወረድ ልዩነቱ 4 የመቶኛ ነጥብ ነው። በመቶኛ ይነገር ከተባለ ደግሞ ምጣኔው በ20 በመቶ ቀንሷል፤ 4 ለ20 ሲካፈል አንድ አምስተኛ ነውና። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ለዜና አልመክረውም፤ «20 በመቶ» የነበረው ምጣኔ «በ20 በመቶ ቀነሰ» ሲባል የሰማ ሰው ግሽበቱ ጠፋ ብሎ ያስባል።

ሁለተኛው ጥፋት ይብሳል፤ አድማጩን ያስቆጣውም እሱ ነው። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም። አንድ ቤተሰብ በ1,000 ብር ይሸምተው የነበረው አስቤዛ በመጀመሪያው ዓመት በ20 በመቶ ሲጨምር 1,200 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 16 በመቶው የሚሰላው በ1,200ው ላይ ስለሆነ 1,392 ብር ይደርሳል። የመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ 200 ብር፣ የሁለተኛው 192 ብር ነው። ግሽበቱ «ወርዶ» እንኳን ሸማቹ ያገኘው ፋታ 8 ብር ነው። ደዋዩ እውነቱን ነው።

እንዲህ ብለው ቢያነቡት ሁለቱም ጥፋት ይታረማል፦ «ባለፈው ዓመት በዚህ ወር 20 በመቶ የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ዘንድሮ 16 በመቶ ሆኗል። ዋጋ አሁንም እየጨመረ ነው፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ቀንሷል።»

ከባሕር ዳር፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ለዚህማ ቀላል ደንብ አለ። በመቶ የሚል ቃል ባለበት ሁሉ ስለ ለውጥ ስንጽፍ «የመቶኛ ነጥብ» ማለት ነው፤ አለቀ።

መልስ፦ ግማሹን አግኝተኸዋል። «የመቶኛ ነጥብ» የሚባለው መነሻውም መድረሻውም በመቶኛ ሲሆኑ ነው። ጤፍ በኩንታል ከ10,000 ብር ወደ 12,000 ብር ከገባ መነሻውም መድረሻውም ብር ነው፤ ስለዚህ «በ20 በመቶ ጨመረ» ይባላል። እዚህ ላይ «20 የመቶኛ ነጥብ» ብትጽፍ ከመጀመሪያው የማይተናነስ ስህተት ነው። ልዩነቱን ከመጻፍህ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስፍራቸውና አጠገባቸው ያለውን መለኪያ ተመልከት።

አንድ ወጥመድ ልጨምርልህ። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ሰንጠረዥ ላይ የዋጋ መለኪያው ራሱ፣ ኢንዴክሱ፣ ያለ ብርም ያለ በመቶም ባዶ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ከ400 ወደ 464 ቢያድግ ልዩነቱ 64 ነው፤ 64 በመቶ ግን አይደለም፤ 64 የመቶኛ ነጥብም አይደለም። 64ን ለመነሻው ለ400 ስታካፍለው 16 በመቶ ታገኛለህ፤ ለአንባቢ የሚነገረው እሱ ነው።

ከቡሬ፦ እኔ እንኳ ስለ ገበያ አይደለም የምጠይቀው። የብድሬ ወለድ ከ15 ወደ 18 በመቶ ሲወጣ «3 በመቶ ብቻ ነው የጨመረው» አሉኝ። በ100,000 ብር ላይ ሳሰላው ግን በዓመት 3,000 ብር ተጨመረብኝ። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ወለዱ ሊቀየር ይችል እንደሆነና እንዴት እንደሚነገርዎ የሚወስነው ውልዎ ነው፤ ውሉን ሳላይ ተታለዋል ወይም አልተታለሉም ማለት አልችልም። ስሌትዎ ግን ልክ ነው። ዋናው ብድር ዓመቱን ሙሉ ሳይቀንስ ከቆየ 15,000 ብር የነበረው ወለድ 18,000 ብር ሆኗል፤ የወለድ ወጪዎ በ20 በመቶ ጨምሯል። «3 በመቶ» ተብሎ የተነገረዎት በትክክል 3 የመቶኛ ነጥብ ነው።

ጥያቄዎ ለዘጋቢዎችም ይጠቅማል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 በመቶ ብሎ ሲጀምር፣ ከዚያ በላይና በታች 3 የመቶኛ ነጥብ ስፋት ሰጥቶ ነበር። ይህ ማለት ከ12 እስከ 18 በመቶ ነው። «ሲደመር ሲቀነስ 3 በመቶ» ብሎ የጻፈውን ሰው ቃል በቃል ከወሰድነው ግን ከ14.55 እስከ 15.45 ይሆናል፤ ፈጽሞ ሌላ ፖሊሲ ማለት ነው።

ከፍኖተ ሰላም፣ እህል ነጋዴ፦ አንዱ ኩንታል ከ10,000 ብር 13,000 ሲገባ «30 በመቶ ጨመረ» ይባላል። አዝመራ ሲገባ ደግሞ «20 በመቶ ወረደ» ይባላል። ታዲያ ከድሮው 10 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ 4 በመቶ ብቻ ነው የሚበልጠው። 20 በመቶው የሚቀነሰው ከ13,000ው ነው፤ ያም 2,600 ብር ስለሆነ ዋጋው 10,400 ላይ ይቆማል። ሁለት መቶኛዎች የተለያየ መነሻ ካላቸው ሊደመሩም ሊቀናነሱም አይችሉም።

እንዲህ ባለ ዜና ላይ ብሩ ቢቀድም ይሻላል፤ ነጋዴም ሸማችም የሚያስበው በብር ነው። የትኛው ገበያ፣ የትኛው ቀን፣ ነጭ ነው ሰርገኛ፣ የጅምላ ነው የችርቻሮ የሚለውም ይጻፍ። የአንድ ገበያ የጤፍ ዋጋ «የዋጋ ግሽበት» ተብሎ መጠራትም የለበትም። በአገሪቱ መለኪያ ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ ቢኖረውም የቤት ኪራይ፣ ልብስና ትራንስፖርትም አብረው ይቆጠራሉ።

ከሞጣ፣ የማኅበረሰብ ሬዲዮ፦ «4 የመቶኛ ነጥብ» ብለን ስናነብ አድማጭ «4 ነጥብ ስንት?» ይላል። ምን ብንል ይሻላል?

መልስ፦ በሬዲዮ ባይነገር እመርጣለሁ። «16 ነጥብ 9 በመቶ» ሲባል የለመደ ጆሮ «4 ነጥብ»ን ያልተጨረሰ ቁጥር አድርጎ ይሰማዋል። «ከ20 ወደ 16 በመቶ» ማለት በቂ ነው፤ ልዩነቱን አድማጩ ራሱ ያሰላዋል።

ከባሕር ዳር፣ የጋዜጣ አራሚ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ቃሉን ከሸሸነው መቼም አይለመድም፤ የወለድና የግብር ዜና ላይ ደግሞ የግድ ያስፈልገናል። እኛ ቁጥሮቹን አስቀድመን «ልዩነቱ 4 የመቶኛ ነጥብ ነው» ብለን እንጽፋለን።

መልስ፦ ለሚነበብ ጽሑፍ ያስኬዳል፤ አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል። ለሬዲዮ ግን ገና አላሳመኑኝም።

ከደብረ ማርቆስ፣ ያው አዘጋጅ፦ የደረሰኝ መግለጫ ሁለቱን ቁጥሮች ሳይሰጥ «በ4 በመቶ ቀንሷል» ብቻ ቢልስ?

መልስ፦ ያንን 4 እንዳለ አይድገሙት። የዚህን ወርና የሚነጻጸርበትን ወር የስታቲስቲክስ አገልግሎት ሪፖርት ያውጡና ምጣኔዎቹን ራሳቸውን ይፈልጉ። ሁለቱም ዓመታዊ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ አንዱ ዓመታዊ ሌላው ወርኃዊ ወይም የ12 ወር አማካይ ከሆነ ማነጻጸሩ ዋጋ የለውም። ከዚያ ይቀንሱ። 4 ከመጣ ጸሐፊው የመቶኛ ነጥብ ማለቱ ነው። ካልመጣ መግለጫውን ላወጣው ክፍል ደውለው «ከስንት ወደ ስንት?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ሳያገኙ የዜናው ሰዓት ከደረሰ የአሁኑን ምጣኔ ብቻ ያንብቡ፤ 4ቱ ይቅር።