ስቶል በፍጥነት ነው ወይስ በአንግል?

«ማኑዋሉ የስቶል ፍጥነት 50 ኖት ይላል። ታዲያ ለምንድን ነው ስቶልን የሚወስነው አንግል ነው የሚሉት? ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነችስ ይለወጣል?»

ያ 50 ኖት የሚሠራው አውሮፕላኑ ሙሉ ክብደቱን ይዞ፣ ሳያጋድል፣ በቀጥታ ሲበር ነው። ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው አንግል በብዙ ቀላል አውሮፕላኖች 16 ዲግሪ አካባቢን ሲያልፍ፣ አየሩ የክንፉን ጀርባ ተከትሎ መታጠፍ ያቅተውና ይላቀቃል፤ ሊፍቱም፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚይዝበት ኃይል፣ ይወርዳል። ስቶል የሚባለው ይህ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ስቶል የሚመጣው ፓይለቱ ከፍታውን ላለመልቀቅ አፍንጫውን እያነሳ እዚያ አንግል ላይ ስለሚደርስ ነው።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በመታጠፊያ ላይ ነው። 60 ዲግሪ አጋድሎ ከፍታ ሳይለቅ የሚዞር አውሮፕላን የክብደቱን እጥፍ ሊፍት ይፈልጋል። ሊፍት በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ 50ው በ1.41 ተባዝቶ ወደ 71 ኖት ይወጣል። የፍጥነት ጌጁ 65 እያሳየ፣ መሪው ወደ ኋላ እንደተሳበ ስቶል ያደርጋል ማለት ነው።

ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ እውነተኛው የስቶል ፍጥነት ወደ 54 ኖት ይጠጋል። ጌጁ ግን ያንኑ 50 ያሳያል፤ እሱም እንደ ክንፉ የአየሩን ግፊት ነውና የሚያነበው።

ስቶል ሲጀምር መጀመሪያ መሪውን ወደፊት ግፋ፣ አንግሉ ይቀንሳል። ክንፉን ማቃናትና ጋዝ መጨመር ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ አፍንጫው እንደተነሳ ጋዝ ብቻ መስጠት አየሩን ወደ ክንፉ አይመልሰውም።