ደቻቱን የሞላው የዳገቱ መራቆት

ለድሬዳዋና ለሐረር ልጆች፣

በቅርቡ አንዲት ተማሪ «ጋራው ላይ ዛፍ ብንተክል ዝናቡ ይመለሳል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ በኋላ እኛ የደንና የአፈር ጥበቃ ሙያ ሰዎች ደጋግመን ያልነው «ዛፍ ትከሉ» ነው። ሐሰት አልነበረም፤ ግን ጎዶሎ ነበር። የተተከለውን ችግኝ ስንቆጥር ከችግኙ ሥር ያለውን መሬት ሳናይ ብዙ ክረምት አለፈ።

ብዙዎቻችሁ ያን ጎርፍ የምታውቁት ከወላጆቻችሁ ወሬ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው ደረቁ የደቻቱ አሸዋ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ዶፉ የወረደው በስተደቡብ ካለው ደጋ ላይ ነው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ወደ ደንገጎ ስትወጡ በአጭር ርቀት 2,000 ሜትር ታልፋላችሁ። በዚህ ቁልቁለት ላይ ውሃ የሚዘገየው መሬቱ ከያዘው ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ሄክታር ዳገት ወስደን እናስላ። በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 400 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 400 ሺህ ሊትር ውሃ ተቀበለ ማለት ነው። ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት፣ የወደቀ ቅጠል የሸፈነው አፈር ከዚህ ውስጥ 30 ሚሊ ሜትሩን ቢያሰርግ ወደ ሸለቆው የሚወርደው 100 ሜትር ኩብ ነው። የተራቆተው ዳገት ግን 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያሰርግ 300 ሜትር ኩብ ይለቃል። የስርገቱን መጠን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኩት፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ስለሆነ ግን ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ያውም ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ!

ራቁት አፈር ውሃ የማያሰርገው ስለደረቀ አይደለም። የዝናቡ ጠብታ ባዶ አፈር ሲመታ ጓሎቹን ይሰባብራል፤ የላመው ደቃቅ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅርፊት ይሠራል። የሚቀጥለው ዝናብ በዚያ ቅርፊት ላይ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተትም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ተጠረገ ማለት 10 ሜትር ኩብ፣ ወደ 12 ቶን የሚጠጋ አፈር ሄደ ማለት ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር መሳሳት ዓይን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ገበሬው የሚያየው ድንጋዩ ሲያገጥጥና ማሽላው ሲቀጭጭ ነው።

ሁሉም ነገር ከዛፍ መቆረጥ መጣ አልልም። እንደዚያ ያለ ዶፍ ሲመጣ ደንም ቢኖር አፈሩ ከጠገበ በኋላ የቀረው ይወርዳል፤ ቤቶችም በአሸዋው ዳርና ዳር ተሠርተው ነበር። ደን ትንሹንና መካከለኛውን ጎርፍ ይሰብራል፤ ትልቁን ያቀለዋል እንጂ አያስቀረውም። «ዛፍ ከተተከለ ጎርፍ የለም» የሚላችሁን አትመኑ።

ዳገቱ እንዴት ተራቆተ? ብዙ ሰው ጣቱን ጫት ላይ ይቀስራል። ጫት ድርሻ አለው፤ በተለይ ውሃ በመሳብ በኩል። ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ፓምፑም፣ ከራቁቱ ኮረብታ የወረደው ደለልም አብረው ነበሩ። ዳገት ላይ ግን በእርከን የተያዘ ጫት ከባዶ ማሽላ ማሳ ይሻላል፤ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይከርማል። ለእኔ ከባዱ ነገር ማገዶና ከሰል ነው። በባህላዊው የአፈር ምድጃ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል 15 ኪሎ ቢሆን ነው። 30 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ ከሰል 200 ኪሎ እንጨት ይበላል። ከተማ ውስጥ ጀበናችሁን ስትጥዱ ይህን አስሉት።

ደግሞ የተቆረጠው ምን እንደሆነ ለዩ። ወይራ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ፍየል ካልነካው በራሱ ይመለሳል። ጽድ ግን አያቆጠቁጥም፤ ዘሩ ከሌለ አበቃለት። የመጨረሻው ጥፋት ጉቶው ራሱ ለማገዶ ሲነቀል ነው፤ ያኔ ቡቃያውም አፈሩን የያዘው ሥርም አብረው ይጠፋሉ። እናት ዛፎቹ ከሄዱ ፍሬ የሚለቅሙት ወፎችም ይሸሻሉ፤ ዘሩን ወደ ሌላ ዳገት የሚያደርሰው አይኖርም።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ዛፍ እርጥበትን ወደ አየር እንደሚመልስ እርግጥ ነው፤ በሰፊ ደን ላይ ይህ ለዝናብ ይተርፋል። የእኛን በልግና ክረምት የሚያመጣው እርጥበት ግን በአብዛኛው ከሩቅ ባሕር የሚነሳ ነው። አንድ ጋራ ለብሶ ለድሬዳዋ ዝናብ አያመጣም። የሚያደርገው የወረደው ዝናብ ሰርጎ ቆይቶ በምንጭ በኩል በበጋ እንዲወጣ ነው። «ድሮ ዝናብ ነበረ» የሚሉት ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚናፍቁት ያን የበጋ ምንጭ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት መሬቱን ለኩ። የዛሬ ወጣት ተክሎ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ይቀናዋል፤ ያስቆጨኛል። ችግኝ መቁጠርን ያስተማርናችሁ ግን እኛው ነን። ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ወስዳችሁ ክዳኑንም ታቹንም አውጡ። እርጥብ ግንድ ወይም ጣውላ ላዩ ላይ አድርጋችሁ በመዶሻ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አስገቡት። 440 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩና እስኪሰርግ ያለውን ጊዜ መዝግቡ። ውሃው ከፍታው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ያንኑ ያህል ድገሙ፤ የሚታመነው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን ደረቅ አፈር ስለሚጠጣው ያታልላል። ድንጋያማ ቦታ ላይ ውሃው በቆርቆሮው ጠርዝ ከሸሸ ቦታ ቀይሩ። አንዱን ፍየል በሚመላለስበት፣ ሌላውን በተከለለ ቦታ ሣር ሥር ሞክሩ፤ በየቦታው ሦስት ሦስት ጊዜ።

ባሕር ዛፍ ሥርም ሞክሩት። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ሥሩ ባዶ ከሆነ ከተራቆተው ብዙም ላይሻል ይችላል። ከረጅም ቅርንጫፍ ላይ ተጠራቅሞ የሚወርድ ጠብታ ትልቅ ነው፤ ሥሩ ቅጠል ካልጠበቀው አፈሩን በኃይል ይመታዋል። አፈሩን የሚያድነው ከታች ያለው ነው።

ለዚህ ነው ዳገት ላይ መከለልን ከመትከል የማስቀድመው። ሣሩ በመጀመሪያው ክረምት ይነሳል፤ ከዚያ ክትክታና ሌላው ቁጥቋጦ ይከተላል። ቁጥቋጦውን «አረም ነው» ብላችሁ አትመንጥሩት፤ የወይራ ችግኝ በእሱ ጥላ ሥር ሆኖ ከፍየልና ከፀሐይ ይተርፋል። ክለላ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በመኖ ምክንያት ነው። ገበሬው ሣሩን እያጨደ ለከብቱ እንዲወስድ ካልተፈቀደለት በሁለተኛው በጋ ፍየሎቹ ውስጥ ናቸው። ቦረቦር ካለ ደግሞ ክትሩን ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ሥሩ፤ ከታች የጀመራችሁት በመጀመሪያው ዝናብ ይጠረጋል።

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቆርቆሮ ይዛችሁ ያንኑ ቦታ ድገሙት፤ ደቂቃው ካጠረ አፈሩ መከፈት ጀምሯል።