ዶላር እጥፍ ሲሆን ፍሪጅ ለምን እጥፍ አልሆነም?

«ነጋዴው ሁሉ ‹ዶላር ጨምሯል› ይለኛል። በእውነት በዶላር የሚጨምረው የቱ ነው? የወር ወጪዬንስ እንዴት ላስላ?»

እህቴ፣ እኔ የምሠራው ትራንዚት ላይ ስለሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ የማየውን ልንገርሽ። ዋናው ጥያቄ አስመጪው ዶላሩን ከየት አገኘው የሚለው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ነበር የሚሸጠው፣ ጥቁር ገበያው ግን 115 አካባቢ ደርሶ ነበር። ባንክ ወረፋ ያልደረሰው አስመጪ ከጥቁር ገበያ ነበር የሚገዛው። ስለዚህ 300 ዶላር የሚያወጣ ፍሪጅ ያኔም 34,500 ብር ይፈጅበት ነበር። ባንክ በኋላ ወደዚያው ዋጋ ሲጠጋ የዕቃው መግዣ ብዙም አልተነካም።

የተነካው ቀረጡ ነው። ጉምሩክ ቀረጥና ታክስ የሚያሰላው በባንክ ምንዛሬ ነው። ድምር ታክሱን ለምሳሌ 60 በመቶ እንበል። በ57 ሲሰላ 10,260 ብር፣ በ115 ሲሰላ 20,700 ብር ይመጣል። ጠቅላላው ከ44,760 ወደ 55,200 ሄደ ማለት ነው፣ ሩብ እንኳ አልሞላም። እጥፍ ከጠየቀሽ ሰበቡ ዶላር ብቻ አይደለም።

ከባንክ በ57 በተገዛ ዶላር ይገባ የነበረ መድኃኒት ግን ሌላ ነው። የ100 ዶላሩ መድኃኒት ከ5,700 ወደ 11,500 ብር ይዘላል፣ መደበቂያ የለውም። ቤትሽ ውስጥ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ከሁሉም በፊት የሱን ብር ለይተሽ አስቀምጪ፤ እኔ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ነዳጅ ዋጋው በመንግሥት ስለሚወሰን ወዲያው አይዘልም፣ በየተወሰነ ወሩ እየተከለሰ ነው የሚወጣው። ናፍጣ በ2017 መስከረም መጨረሻ 90 ብር ነበር፣ ታኅሣሥ መጨረሻ 99 ገባ። 50 ኩንታል ጤፍ የጫነ አይሱዙ ከ300 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 120 ሊትር ቢፈጅ፣ ጭማሪው 1,080 ብር ነው። ለኩንታል 22 ብር ገደማ። ጎማውና መለዋወጫውም በዶላር ስለሚገባ ትንሽ ጨምሪበት፣ ግን «ነዳጅ ጨመረ» ብሎ ኩንታል ላይ 500 ብር የሚቆልል ሰው ስሌቱን ያሳይሽ። የታክሲ ታሪፍ ግን ነዳጅን ተከትሎ መከለሱ ስለማይቀር፣ ናፍጣና ቤንዚን በጨመሩ ቁጥር የትራንስፖርት ብርሽን ቀድመሽ ከፍ አድርጊ።

ዘይት ላይ ነጋዴ ጓዳ ያለው አሮጌ ዕቃ ቢሆንም በአዲስ ዋጋ ነው የሚሸጠው፣ ምክንያቱም የሚቀጥለውን የሚያመጣው በዚያ ብር ነው። ስለዚህ የምንዛሬ ለውጥ ስትሰሚ የአንድ ወር ዘይት ቀድመሽ ብትገዢ ያዋጣሻል፤ ለፍሪጅ ግን ተበድረሽ አትሩጪ።